ለሙያ አባት የሚጻፍ የምስጋና ደብዳቤ፦ ትምህርቱን ለይቶ የማመስገን አሠራር

ለብዙ ዓመታት ሥራ ያስተማረንን ሰው በደብዳቤ ልናመሰግን ስንቀመጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣልን ጽሑፍ ከጡረታ መሸኛ የምስክር ወረቀት እምብዛም አይለይም። «ላሳዩት ቅንነትና ለሰጡን የማያቋርጥ ምክርና ድጋፍ ከልብ እናመሰግናለን» የሚለው ዓረፍተ ነገር ማኅተም ሲያርፍበት ለመሥሪያ ቤት ይበቃል፤ አንድ ተማሪ ለመካሪው ሲጽፈው ግን መካሪው ምን እንዳደረጉ አይነግራቸውም። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚያተኩረው በደብዳቤው እምብርት ላይ፣ ማለትም ሥራችንን የለወጡትን ትምህርቶች ለይቶ በሚጠራው ክፍል ላይ ነው። ሰላምታው፣ መዝጊያውና አላላኩ በየቦታቸው በአጭሩ ይነሣሉ።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ለማሳያ የተዘጋጀ ደብዳቤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንከተላለን። ጸሐፊው ከቡሬ ግብርና ኮሌጅ ተመርቆ በምሥራቅ ጎጃም፣ በማቻከል ወረዳ፣ በአንድ ደጋ ቀበሌ የሰብል ልማት ሠራተኛ ሆኖ የጀመረና ዛሬ የአፈር ባለሙያ የሆነ ሰው ነው። ተቀባዩ ያኔ ሱፐርቫይዘሩ የነበሩ፣ አሁን በጡረታ አማኑኤል ከተማ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ጸሐፊው «ጋሼ» ይላቸዋል።

መጀመሪያ፦ ከዛሬው ሥራ ተነሥቶ ወደ ኋላ መሄድ

ብዙ ሰው «ጋሼ ምን አስተማሩኝ?» ብሎ ይጀምርና ወዲያው ትልልቅ ቃላት ይመጡበታል፦ ትዕግሥት፣ ታማኝነት፣ የሥራ ፍቅር። ከዚህ ጥያቄ ይልቅ የሚጠቅመው ሌላ ነው፤ «ዛሬ በሥራዬ ላይ እጄ ሳላስበው የሚያደርገው፣ አብረውኝ የሚሠሩት ግን የማያደርጉት ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። መልሱ ትንሽ የሚመስል የእጅ ሥራ፣ የአጠያየቅ ወይም የአጻጻፍ ልማድ ይሆናል። ከዚያ «ይህን ከማን፣ የትኛው ማሳ ላይ፣ በየትኛው ወቅት ለመድሁት?» ተብሎ ወደ ኋላ ይኬዳል።

የምሳሌያችን ጸሐፊ በዚህ መንገድ ሲሄድ ሦስት ነገሮች ያገኛል። አፈር ለምርመራ ሲወስድ ከአንድ ቦታ ብቻ አይቆፍርም። ለገበሬ ምክር ከመስጠቱ በፊት ምክሩ ስንት የአህያ ጭነት እንደሚሆን ያሰላል። በሪፖርቱ ውስጥ ያልተሳካውንም ማሳ ይጽፋል። ሦስቱም ከጋሼ የመጡ ናቸው፤ ሦስቱም «ትጋት» ወይም «ሙያ ወዳድነት» በሚል ቃል ቢጠቀለሉ ይጠፋሉ።

ማስታወስ ሲያቅት የድሮ የመስክ ማስታወሻ ደብተር ትልቅ እገዛ ያደርጋል። የልማት ሠራተኛ ደብተር ላይ የገበሬው የማሳ ስፋት፣ የዘሩ ዓይነትና የተዘራበት ቀን ስለሚጻፍ፣ አንዱን ገጽ ሲገልጡ የዚያን ቀን ንግግር ያመጣዋል። ደብተሩ ከሌለ ያኔ አብሮ የሠራን ባልደረባ መጠየቅ ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ሌላው ሰው የሚያስታውሰውን የእኛ አድርጎ መጻፍ አይገባም። መካሪው ያልነበሩበትን ቀን ነበሩ ብሎ መጻፍ ደብዳቤውን በሙሉ ያስጠረጥረዋል፣ ሽማግሌ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር አይረሳም።

ቀጥሎ፦ መምረጥ

አንድ ደብዳቤ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ትምህርት ይችላል። ከዚያ በላይ ሲሆን የቃለ ጉባኤ መልክ ይይዛል። ለመምረጥ ሁለት ፈተና ይበቃል። የመጀመሪያው፣ አንቀጹን ከጻፍን በኋላ የመካሪውን ስም አውጥተን የሌላ ጥሩ አለቃ ስም ብናስገባበት እውነት ሆኖ ይቀጥላል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው፤ ከቀጠለ አንቀጹ ገና አልተጻፈም። ሁለተኛው፣ ያ ትምህርት ባይኖር ኖሮ የሥራ መንገዳችን የት ቦታ ላይ ይታጠፍ እንደነበር በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር መቻል ነው። ይህን መናገር ካልቻልን ትምህርቱ መልካም ትዝታ ሊሆን ይችላል፤ ሥራ የለወጠ ትምህርት ግን አይደለም፤ ቦታውም ሰላምታው ውስጥ ነው።

ዋናው ሥራ፦ አንዱን ትምህርት በሙሉ መጻፍ

አንድ የትምህርት አንቀጽ አራት ነገር ሲይዝ ይሞላል፦ ያኔ የነበረው ሁኔታ፣ መካሪው ያሉት ወይም ያደረጉት፣ እኛ ከዚያ በኋላ የለወጥነው፣ ዛሬ የደረሰበት። ቅደም ተከተሉ እንደ አመቺነቱ ሊለዋወጥ ይችላል። ከአራቱ አንዱ ሲጎድል ግን ወዲያው ይታወቃል፤ ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው ሁለተኛው ነው፣ ምክንያቱም ሰው የራሱን ታሪክ መተረክ ይቀለዋል።

ጸሐፊያችን መጀመሪያ የጻፈው እንዲህ የሚል ነበር፦ «ጋሼ፣ ሥራን በጥንቃቄ መሥራት እንዳለብኝ አስተምረውኛል። ይህም ለዛሬው ማንነቴ መሠረት ሆኖኛል።» ይህ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ሽማግሌው አንብበው ሲጨርሱ የትኛውን ቀን ማለቱ እንደሆነ አያውቁም። ከደብተሩ ጋር ተቀምጦ እንደገና ሲጽፈው እንዲህ ሆነ፦

«የመጀመሪያው ዓመት ሚያዝያ ላይ፣ ገብሱ በየዓመቱ ቢጫ እየሆነ የሚቀርበትን ማሳ አፈር ለምርመራ እንዳመጣ አዘው ልከውኝ ነበር። እኔም ከቤቱ ጓሮ አጠገብ ከአንድ ቦታ ቆፍሬ በፌስታል ሞልቼ መጣሁ። እርስዎ ግን አልተቆጡኝም፤ ፌስታሉን ይዘው ወደ ማሳው መለሱኝና አፈሩን ከቆፈርሁበት ጉድጓድ ውስጥ መልሰው ደፉት። ከዚያ ማሳውን በተጠማዘዘ መንገድ እየሄድን ከዐሥራ አምስት ያህል ቦታ፣ ሃያ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ እየቆፈርን እንድንወስድ አደረጉ። ፍግ የተከመረበትን፣ የድሮ አውድማ የነበረበትንና የዛፍ ሥር የሆነውን ሁሉ ‹ይህን ዝለለው› እያሉ አሳለፉኝ። ባልዲው ማዳበሪያ ተይዞበት እንደሆነ ጠይቀው አስለወጡኝ። የተቀላቀለውን አፈር ሸራ ላይ ዘርግተው በአራት ከፈሉት፤ ሁለቱን ትይዩ ክፍሎች ጥለው ሁለቱን መልሰው ቀላቀሉ፣ ግማሽ ኪሎ ያህል እስኪቀርም ደጋገሙት። ‹ከአንድ ጉድጓድ የወጣ አፈር ስለ ጉድጓዱ እንጂ ስለ ማሳው አይመሰክርም› ያሉኝ ያን ጊዜ ነው። ዛሬ በምሠራበት ላቦራቶሪ አፈር ይዞ የሚመጣን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ከስንት ቦታ እንደወሰደው ነው፤ ትምህርቴን ለመቀጠል ስወስን አፈርን የመረጥሁትም ከዚያ ማሳ ተነሥቼ ነው።»

ይህ አንቀጽ ረዘም ይላል፤ መርዘሙም ተገቢ ነው። ልብ መባል ያለበት፣ በውስጡ «አመሰግናለሁ» የሚል ቃል አንድም ጊዜ የለም። የምስጋናውን ሥራ የሚሠራው ባልዲው እንኳ መታወሱ ነው። «በጣም»፣ «እጅግ»፣ «ወደር የሌለው» የሚሉ ቃላት በእንዲህ ያለ አንቀጽ ውስጥ ቢገቡ ያሳንሱታል፤ ረቂቁን ሲያርሙ እነዚህን እየሠረዙ መሄድ ጥሩ ልማድ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የሚጻፈው በሌላ መንገድ ነው፣ ምክንያቱም መካሪው ያሳዩት ነገር የለም፣ የጠየቁት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። የምርመራው ውጤት አፈሩ ኮምጣጣ መሆኑን አሳየ። ኮምጣጣ አፈር በጎጃም ደጋ ብዙ ቦታ ያለ ችግር ነው፤ የኮምጣጣነቱ መለኪያ የሆነው የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም እየሟሟ የሰብሉን ሥር ይጎዳል፣ ፎስፈረሱም ይያዝና ማዳበሪያ ቢጨመር እንኳ ሰብሉ በሚገባ አያገኘውም። መድኃኒቱ የተፈጨ ኖራ ነው። ወጣቱ ባለሙያ ለዚያ አራት ጥማድ ማሳ በሄክታር ሃያ ኩንታል እንደሚያስፈልግ አስልቶ ለገበሬው ሊነግር ሲነሣ፣ ጋሼ የጠየቁት «ማን ያመጣዋል? በምን ያመጣዋል?» የሚል ብቻ ነበር።

ጥያቄ የሆነ ትምህርት በደብዳቤ ሲጻፍ፣ ጥያቄው ራሱ በተነገረበት ቃል ይቀመጥና ከእሱ የተከተለው ስሌት በአጭሩ ይታያል። ጸሐፊው እንዲህ ብሎታል፦ «ያን ማታ ቁጭ ብዬ ሳሰላው፣ ለአንድ ጥማድ አምስት ኩንታል ይደርሳል፤ አንዷ አህያ ግማሽ ኩንታል ብትሸከም ዐሥር ጭነት ነው። አራቱን ጥማድ በአንድ ዓመት ማለቴ ገበሬውን አርባ ጭነት አምጣ ማለቴ ነበር። እርስዎም በአንዱ ጥማድ እንዲጀምር፣ ኖራውን ከመዝሪያው አንድ ወር ያህል ቀድሞ በትኖ በማረሻ እንዲቀላቅለው፣ ከመካከሉም አንድ ትልም ያህል ስፋት ኖራ ሳይነካው እንዲተው መከሩት። መስከረም ላይ ጎረቤቶቹ መጥተው ያዩት ያንኑ ያልተነካ ቦታ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እኔ ማንንም ማሳመን አላስፈለገኝም።» የሥራው መታጠፊያም ከዚሁ ይመጣል፤ ጸሐፊው ዛሬ ለወረዳ ባለሙያዎች ሥልጠና ሲሰጥ ከኖራው መጠን አስቀድሞ የሚያሠራቸው የማጓጓዣውን ስሌት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስሌቱ ለደብዳቤው ሲባል መብዛት የለበትም፤ ከዚህ በላይ ከሄደ የሥልጠና ጽሑፍ ይሆንና መካሪው ይጠፋሉ። እያንዳንዱ ቁጥር «ይህ ጋሼ ያሉትን ያስረዳል ወይ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ ካላስረዳ ይውጣ።

አስቸጋሪው ትምህርት

ብዙ ጊዜ ሥራችንን ከሁሉ በላይ የለወጠው ትምህርት ለመጻፍ የሚያስቸግረው ነው፤ ምክንያቱም ሌላ ሰው ወይም መሥሪያ ቤት በውስጡ አለበት። ጸሐፊያችን ሦስተኛ ትምህርት አድርጎ የያዘው የሪፖርቱን ጉዳይ ነው። በአንድ የመኸር ወቅት የዘር ጊዜ ያለፈበትና ያልበቀለ ማሳ በሪፖርቱ ውስጥ «የተሸፈነ» ተብሎ እንዲገባ ፍላጎት ነበር፤ ጋሼ ግን «ያልበቀለውንም ጻፍ፣ ለምን እንዳልበቀለ ጨምር» አሉት፣ ፈርመውም አስገቡት።

ይህን በሦስት መንገድ መጻፍ ይቻላል። አንደኛው ሁሉንም መዘርዘር፣ ማን ምን እንደጠየቀ መናገር ነው፤ ይህ መካሪውን ከቀድሞ ባልደረቦቻቸው ጋር ሊያጋጫቸው ስለሚችል ምስጋናው ዕዳ ይሆንባቸዋል። ሁለተኛው ሁሉንም ደብቆ «እውነተኝነትን አስተማሩኝ» ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ወደ ምስክር ወረቀቱ ይመልሰናል። በቅኔ አገር ያደግን ሰዎች እዚህ ላይ ሰምና ወርቅ ማበጀት ያምረናል፤ ነገር ግን የምስጋና ደብዳቤ ወርቁ ፊት ለፊት ቢሆን ይመረጣል። ሦስተኛውና የሚሻለው መንገድ፣ ግፊቱን ትቶ የመካሪውን ድርጊት ብቻ ማቆም ነው፦ «ያልበቀለውን ማሳ ከነምክንያቱ በሪፖርቱ እንዳስገባ አድርገው ከሥሩ ፈረሙ። በሚቀጥለው ዓመት ለዚያ ቀበሌ ቀድሞ የሚደርስ ዘር የተጠየቀው በዚያ ገጽ ላይ ተመሥርቶ ነው። እኔም ከዚያ ወዲህ ያልተሳካውን ሳልጽፍ ሪፖርት አስገብቼ አላውቅም።» ግፊት እንደነበረ ጋሼ ያውቃሉ፤ ሌላው አንባቢ ማወቅ የለበትም።

የመካሪውን ድካም ወይም ጉድለትም ማንሣት የሚፈልግ ሰው ይገጥማል፤ «ቁጡ ነበሩ፣ ግን ለጥቅሜ ነበር» እንደሚባለው። እንዲህ ያለው በአካል ቡና ላይ ሲነገር ያስቃል፤ በወረቀት ላይ ሲቀር ግን ከሁሉ ይልቅ እሱ ይታወሳል። ቢቀር ይሻላል።

ሰላምታ፣ አጠራርና መዝጊያ

ለእድሜ ባለጸጋ የሚጻፍ ደብዳቤ ያለ ጤና ጥያቄ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ከገባ ይቀዘቅዛል። «ይድረስ ለማከብርዎ ለጋሽ እገሌ፤ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከነቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» የሚለው አሮጌ አጀማመር ዛሬም ቦታ አለው፤ ተቀባዩ ሙስሊም ከሆኑ «አልሐምዱሊላህ» ይባላል። ከዚህ ቀጥሎ ስለ እሳቸው የምናውቀውን አንድ ነገር፣ የጉልበታቸውን ሕመም ወይም የልጃቸውን ምረቃ፣ መጠየቅ ይበቃል። ሰላምታው ከሦስት ዓረፍተ ነገር ባይዘል ጥሩ ነው። አጠራሩ በአፋችን የለመድነው ይሁን፤ ዕድሜ ልክ «ጋሼ» ወይም «እትዬ» ስንላቸው የኖርነውን ሰው በደብዳቤ «ክቡር አቶ» ብንላቸው የተቀየምን ይመስላል።

የአክብሮት አነጋገር በአንድ ቦታ ላይ ያሳስታል። «ነገሩኝ»፣ «አሳዩኝ» የሚሉት ግሦች ለአንድ የተከበረ ሰውም ለብዙ ሰዎችም ስለሚያገለግሉ፣ ገበሬዎቹና መካሪው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲገቡ ያደረገው ማን እንደሆነ ይጠፋል። «ገበሬዎቹ ሲመጡ ማሳውን አሳዩኝ» የሚለውን ያነበበ ሰው ገበሬዎቹ ያሳዩት ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ቦታ ሲገኝ «እርስዎ» የሚለው ቃል ከግሡ አጠገብ ይግባ፣ ወይም ዓረፍተ ነገሩ ለሁለት ይከፈል። በተጨማሪም በመካከል «አንተ» ሾልኮ እንዳይገባ፣ በተለይ የመካሪው ንግግር ሲጠቀስ «ጻፍ» ያሉት ለእኛ መሆኑ እንዲለይ፣ ንግግሩ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ይቀመጥ።

መዝጊያው አጭር ነው። የምናመሰግንበት ዓረፍተ ነገር እዚህ አንድ ጊዜ ይጻፍ፣ ከዚያ «አክባሪዎና ተማሪዎ» ተብሎ ስምና ፊርማ ይቀመጥ። ጥያቄ ወይም ጉዳይ፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ «ለእገሌ ይንገሩልኝ» የሚል ነገር ሁሉ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አይግባ፤ ከገባ የላይኛው ሁሉ የእሱ መንገድ ጠራጊ ሆኖ ይነበባል። ጉዳይ ካለ ሌላ ጊዜ፣ በሌላ ወረቀት ወይም በስልክ ይሁን።

መገልበጥና መላክ

ረቂቁ ካለቀ በኋላ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ደብዳቤውን የሚሰሙት ከልጅ ልጃቸው አንደበት ነው። ያቺ ልጅ የምትደነቃቀፍበት ነገር ሁሉ ይስተካከል፤ ከላይ እኛ «ፒኤች» ያልነውን ጸሐፊው በደብዳቤው ውስጥ «የአፈሩ ኮምጣጣነት» ብሎታል፣ «ኩ/ል» የሚለውን ምሕጻርም «ኩንታል» ብሎ በሙሉ ጽፎታል። በእጅ ሲጻፍ በጥቁር እስክሪብቶ፣ በሰፊ መስመር፣ በወረቀቱ በአንድ ገጽ ብቻ ይሁን፤ ሦስት ትምህርት የያዘ ደብዳቤ በዚህ አጻጻፍ ሦስት ወይም አራት ቅጠል ይፈጃል። ጸሐፊው ያልተነካውን የማሳ ቦታ የሚያሳይ አንድ ፎቶ አሳጥቦ፣ ዓመተ ምሕረቱንና የቀበሌውን ስም በጀርባው ጽፎ አያይዟል። ስልክ ቁጥሩንም ከፊርማው ሥር አስቀምጧል፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው መልስ መጻፍ ከብዶት መደወልን ሊመርጥ ይችላል።

አላላኩን በተመለከተ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል በሚሄድ መኪና ለረዳት አደራ መስጠት ይቀናል፤ ሆኖም ለሚያውቃቸው ሰው ሰጥቶ እቤታቸው ድረስ እንዲያደርስ ማድረግ ይሻላል። በቴሌግራም የደብዳቤውን ፎቶ መላክ የሚቻለው ወረቀቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ከመታሸጉ በፊት አንድ ቅጂ ይቅር። ቤተሰቡ ወይም የቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው ደብዳቤውን በስብሰባ ላይ እናንብበው ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሪፖርቱ አንቀጽ ይነበብ ወይም ይቅር የሚለውን የሚወስኑት ጋሼ ራሳቸው ናቸውና፣ ጸሐፊው እሺ ከማለቱ በፊት ደውሎ ይጠይቃቸው።